አንድ ጥለት፣ ሁለት ቀለም

የሚከተለውን አስረጂ ጽሑፍ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ በመጨረሻ የቀረቡትን ጥያቄዎች መልሱ።

በሰሜን አዲስ አበባ፣ በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ሽሮ ሜዳ የተባለ የታወቀ የሸማ ገበያ ይገኛል። በዚህ ገበያ የምትሠራ አንዲት ነጋዴ በውጭ አገር ለምትኖር ደንበኛዋ ሁለት ፎቶግራፎች ላከች እንበል። በመጀመሪያው ላይ ባለ ቢጫ ጥለት ነጭ የሐበሻ ቀሚስ በሙሉ ይታያል፤ በሁለተኛው ላይ ግን ጥለቱ ብቻ ከቅርብ ተነሥቷል። ሁለቱም የተነሡት በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓትና በአንድ የእጅ ስልክ ነው። ይሁን እንጂ ጥለቱ በመጀመሪያው ፎቶግራፍ እንደ አደይ አበባ ደማቅ ቢጫ ሲሆን፣ በሁለተኛው ደብዝዞ ይታያል። ደንበኛይቱም «እህቴ፣ መጀመሪያ ያሳየሽኝ ልብስ ሌላ፣ አሁን ያሳየሽኝ ሌላ ነው» ስትል ቅር ትሰኛለች። ነጋዴዋ ግን አላታለለችም። ቀለሙን የለወጠው በስልኩ ካሜራ ውስጥ በራሱ የሚሠራው የነጭ ሚዛን ነው።

የነጭ ሚዛን ያስፈለገበት ምክንያት ብርሃን ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነው። የጥንቱ ባለ ክር አምፖል ብርሃን ቀይና ቢጫ ይበዛበታል፤ ከሰማይ ብቻ ብርሃን የሚደርሰው ጥላ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል። ነጭ ነጠላ በአምፖል ሥር ቢጫነት ያለው፣ በጥላ ሥር ሰማያዊነት ያለው ብርሃን ወደ ካሜራው ይልካል። የሰው ዓይን ብርሃኑን ስለሚለምድ ነጠላውን በሁለቱም ስፍራ ነጭ አድርጎ ያየዋል። ካሜራ ግን የደረሰውን የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን መጠን ከመለካት በቀር ሌላ ችሎታ የለውም። ስለዚህ ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ልኬቶቹን በስሌት ማስተካከል ይኖርበታል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። ካሜራው የብርሃኑን ቀለም ለይቶ ስለማያውቅ ከሥዕሉ ይገምታል። ከግምት መንገዶቹ አንዱና ቀላሉ፣ በአንድ ሥዕል ውስጥ ያሉት ቀለሞች ሁሉ ቢደባለቁ አማካያቸው ግራጫ ይሆናል የሚል ነው። አማካዩ ወደ ቢጫ ካዘነበለ፣ ካሜራው «ብርሃኑ ቢጫ ነው» ብሎ ሰማያዊውን ያሳድጋል፤ ቀዩንም ይቀንሳል። የዛሬ ስልኮች ሌሎች ምልክቶችንም ይጠቀማሉ፤ ሆኖም ሥራቸው ከግምት አያልፍም።

ይህን በቁጥር እንመልከት። የጥለቱ ልኬት ቀይ 120፣ አረንጓዴ 100፣ ሰማያዊ 40 ነው እንበል። የነጩ ሸማ ልኬት ደግሞ በሦስቱም 150 ይሁን። ቀሚሱ በሙሉ ሲነሣ ሥዕሉን የሚሞላው ነጩ ስለሆነ ካሜራው የሚያስተካክለው ነገር ጥቂት ነው። ጥለቱ ብቻ ከቅርብ ሲነሣ ግን አማካዩ ቢጫ ይሆናል። ካሜራው በግምቱ ሙሉ በሙሉ ቢተማመን ኖሮ ቀዩን በ0.83፣ ሰማያዊውን በ2.5 አባዝቶ ጥለቱን ግራጫ ባደረገው ነበር። እንዲህ ያለውን ስሕተት ለመከላከል ብዙውን ጊዜ ከመንገድ ይቆማል። ቀዩን በ0.9፣ ሰማያዊውን በ1.5 ብቻ ቢያባዛ ጥለቱ 108፣ 100፣ 60 ይሆናል፤ ይኸውም የደበዘዘ ቢጫ ነው።

ስሕተቱ የካሜራው እንጂ የልብሱ አለመሆኑ በምን ይታወቃል? ማባዣው ለሥዕሉ ሁሉ አንድ ስለሆነ በጥለቱ ዳር የሚታየው ነጭ ሸማም አብሮ ይለወጣል። ከላይ በተሰጠው ስሌት ነጩ 135፣ 150፣ 225 ይሆናል፤ ማለትም ሰማያዊ ይመስላል። ስለሆነም ነጩ ሰማያዊ ሆኖ ከታየ የጥለቱም ቀለም መታመን የለበትም።

መፍትሔውም ከዚሁ ይነሣል። ጥለቱ ከቅርብ ሲነሣ ከነጩ ሸማ ሰፋ ያለ ክፍል አብሮ እንዲገባ ማድረግ ግምቱን ያቃናል። ከዚህ የበለጠ አስተማማኝ የሚሆነው ግን፣ ስልኩ የሚፈቅድ ከሆነ፣ WB የተባለውን ምርጫ ከፍቶ ከብርሃኑ ጋር የሚስማማውን፣ ለምሳሌ የፀሐዩን ምልክት፣ መምረጥ ነው። ያን ጊዜ ካሜራው መገመቱን ትቶ ሁለቱንም ፎቶግራፎች በአንድ ማባዣ ያነሣል። ሆኖም የልብሱ አንድ ወገን በበር ብርሃን፣ ሌላው ወገን በአምፖል የበራ ከሆነ አንድ ማባዣ ሁለቱን ሊያቃና አይችልም፤ አምፖሉን ማጥፋት ወይም ልብሱን ወደ ደጅ ማውጣት ያስፈልጋል።

ጥያቄዎች

1. ቀሚሱ በሙሉ ሲነሣ የጥለቱ ቀለም ያልተዛባው ለምንድን ነው?
2. ጥለቱ ሰማያዊ ቢሆን ኖሮ ከቅርብ በተነሣው ፎቶግራፍ ላይ ነጩ ሸማ ወደ የትኛው ቀለም ያዘነብል ነበር? ምክንያታችሁን ጻፉ።
3. ነጋዴዋን ሆናችሁ፣ ልዩነቱ ከምን እንደ መጣ ለደንበኛይቱ የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ጻፉ።