ብጉሩ ይጠፋል፣ ጠባሳው ይጠየቃል

የሠርግ ፎቶ አንሺና ሙሽራ የሚቀያየሙት ብዙ ጊዜ በሠርጉ ቀን ሳይሆን ፎቶው ሲረከብ ነው። ውሉ ላይ «ኤዲት ተደርጎ ይሰጣል» ተብሎ ተጽፏል። ሙሽራዋ ይህን ስታነብ ወገቧ ቀጥኖ፣ ክንዷ ሳስቶ ታያት፤ ፎቶ አንሺው ግን ብርሃንና ቀለም ማስተካከሉን ነበር የቆጠረው። ሁለቱም አልዋሹም። ከቀብድ በፊት የምትላክ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይህን ቅያሜ ታስቀራለች፤ ቃሏም እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«በውላችን መሠረት የሚረከቧቸው 500 ያህል ፎቶዎች በሙሉ ብርሃናቸውና ቀለማቸው ይስተካከላል። ለአልበም በሚመርጧቸው 40 ፎቶዎች ላይ ደግሞ ብጉር፣ የፊት ወዝና ያፈነገጠ ፀጉር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይነሳል። ጠባሳ፣ ማርያም የሳመችው ምልክትና ንቅሳት ግን ባለቤቱ ካልጠየቀ አልነካም። የወገብ፣ የክንድና የአገጭ ቅርጽ መለወጥ፣ የተጨፈነ ዓይንን ከሌላ ፎቶ አምጥቶ መተካት በየፎቶው ይከፈልበታል። ዋጋውን ሥራውን ከመጀመሬ በፊት አሳውቅዎታለሁ።»

ክፍያው በዚህ መልክ የተከፈለበት ምክንያት አለው። ሙሽራዋ ቤት ውስጥ በቢጫ አምፖል ሥር የተነሡት ፎቶዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ቢጫነት ይኖራቸዋል። ባለሙያው አንዱን ካስተካከለ ያንኑ ማስተካከያ በዚያው ብርሃን ለተነሡት ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ይገለብጠዋል። ስለዚህ ቀለም ለ500ውም በዋጋው ውስጥ ይገባል። ፊት ግን እንዲህ አይገለበጥም። ሙሽራዋ አንገቷን ባዞረች ቁጥር ብጉሩ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ጥላ ውስጥ ይገኛል፤ እያንዳንዱ በእጅ መነካት አለበት። አንድ ፎቶ አሥር ደቂቃ ቢወስድ 40ው ሰባት ሰዓት ገደማ፣ 500ው ግን ከ83 ሰዓት በላይ ይፈጃሉ።

የብጉርና የጠባሳ ልዩነት ግን የጊዜ ጉዳይ አይደለም። ብጉር ከጥቂት ቀናት በኋላ በራሱ ይጠፋል፤ ስለዚህ ማንሳቱ ሰውየውን አይለውጠውም። ጠባሳ ግን የመልኩ አካል ሆኗል። የሙሽራዋ እናት ግንባር ላይ ያለውን የመስቀል ንቅሳት ባለሙያው «አጸዳሁት» ብሎ ቢያጠፋው፣ ልጆቿ አልበሙን ሲገልጡ የሚያዩት የሚያውቋትን እናታቸውን አይደለም። እዚህ ላይ ደብዳቤው «ባለቤቱ» ማለቱ ትክክል ይመስለኛል። ከፋይዋ ሙሽራዋ ብትሆንም የእህቷን ሰውነት እንዲያቀጥንላት የማዘዝ መብት የላትም፤ እህቷ ራሷ መጠየቅ አለባት።

በጣም የሚያወዛግበው የቅርጽ ለውጥ ነው፤ ሲታይ አንድ ጊዜ በማውዝ መግፋት ስለሚመስል። ሙሽራዋ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ በር አጠገብ ቆማለች እንበል። ባለሙያው ፎቶሾፕ ላይ ሊክዊፋይ በሚባለው መሣሪያ ወገቧን ወደ ውስጥ ሲገፋ መሣሪያው ወገቧን ከአካባቢዋ ለይቶ አያውቅም፤ በአቅራቢያው ያለውን ሁሉ አብሮ ይስባል። ከደረቷ እስከ እግሯ ቀጥ ብሎ የሚወርደው ጥለት ወገቧ ጋ ሲደርስ ይጣመማል፤ ከጀርባዋ ያለው የበሩ መቃንም ይጎብጣል። እነዚህን መልሶ ማቃናት፣ የጥለቱንም ቅርጽ በቦታው መመለስ ብዙውን ሰዓት የሚበላው ሥራ ነው። በዚህም አያበቃም። በዚያው ቀሚስ የተነሣችባቸው ስድስት ፎቶዎች አልበሙ ውስጥ ካሉ አንዱ ብቻ ተቀጥኖ ሌሎቹ ሊቀሩ አይችሉም፤ ጎን ለጎን ሲታዩ ሁለት ሴቶች ይመስላሉ። «አንድ ፎቶ ብቻ» የተባለው ጥያቄ ስድስት ይሆናል ማለት ነው።

የተረከባችሁት ሥራ በጥንቃቄ መሠራቱን ለማወቅ ከሰውየው ይልቅ ዙሪያውን እዩ፤ በር፣ መስኮት፣ የጡብ ግድግዳ፣ ጥለት። ቀጥ ማለት ያለበት ነገር ሰውነት አጠገብ ሲደርስ ከተወላገደ ሥራው በጥድፊያ አልፏል። ፊት ላይ ደግሞ ፎቶውን አስጠግታችሁ አፍንጫና ጉንጭ የሚገናኙበትን ተመልከቱ። የቆዳው ቀዳዳዎች ጨርሰው ከጠፉ ብጉሩ ብቻ አልተነሣም፤ ፊቱ በሙሉ ተለስልሷል።

ተጨማሪ ገንዘብ የማይመልሰውም ነገር አለ፤ ጥሩ ደብዳቤ ይህንንም ይናገራል። ጠይም ፊት ከነጭ ነጠላ ጋር ሲነሣ ብርሃኑ ፊቱን እንዲያወጣ ብቻ ከተለካ ነጠላው ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ካሜራው ያልያዘውን የሽመናውን መስመር ኤዲት አያመጣውም። ፊትን ከተፈጥሮው በላይ ማቅላት ግን ይቻላል፤ እኔ ብሆን በክፍያም ቢሆን እንደማልሠራው ደብዳቤው ላይ እጽፍ ነበር።

ደንበኛው ደግሞ ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ አንድ ፎቶ በናሙና ተሠርቶ ከዋናው ጎን እንዲታይ፣ እርማትም ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድ። ሁለቱም ከሕትመት በፊት መሆን አለባቸው፤ አልበሙ ከታተመ በኋላ አንድ ወገብ ማስተካከል ገጹን እንደ አዲስ ማሳተም ነውና።