«ዳነ» እና «ተሻለው» በሕፃናት የመውጫ ማጠቃለያ

በብርቱ የሳንባ ምች ተኝቶ የታከመን ሕፃን ሐኪም ቤቱ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመልስ የሚጽፈውን ጽሑፍ «የመውጫ ማጠቃለያ» ብለን እንጠራዋለን። በዚህ ጽሑፍ «ዳነ» እና «ተሻለው» ተለዋዋጭ ቃላት አይደሉም። «ዳነ» የበሽታውን ማብቃት ሲናገር፣ «ተሻለው» ሕክምናው ገና እንዳልተፈጸመ ያስገነዝባል። ስለዚህ «ድኖ ወጥቷል» የሚለውን ያነበበ የጤና ባለሙያ መድኃኒቱን ሊያቋርጥ ይችላል። «ሕክምናው ይቀጥል» ቢባልም መጠኑንና ማብቂያውን አያውቅም።

ለምሳሌ 18 ወር የሞላው፣ 11 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ለ5 ቀን አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን በመርፌ ተሰጥቶታል እንበል። ሐኪሙ የሚዋጥ መድኃኒት ለተጨማሪ 5 ቀን ካዘዘለት ማጠቃለያው እንዲህ ይላል፦

«ተሽሎት ወጥቷል፤ ሕክምናው ግን አላለቀም። ያለ ኦክስጅን በደቂቃ 34 ጊዜ ይተነፍሳል። በውሃ የሚሟሟ ባለ 250 ሚሊግራም የአሞክሲሲሊን እንክብል ጧት 2፣ ማታ 2፣ ለ5 ቀን ይውሰድ፤ የመጀመሪያውን ዛሬ ጧት እዚህ ወስዷል።»

«ከባሰበት ይመለስ» የሚለውም ምልክቱን አይገልጽም። በዚህ ዕድሜ ትንፋሹ በደቂቃ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጤና ጣቢያው እንደገና ይመርምረው፤ መጠጣት ካቃተው ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ግን ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ይላክ ተብሎ ይጻፍ።