ነጻ ሥልጠናን ከሐሰተኛ ምዝገባ መጠበቅ፦ አርሶ አደሩን ሳያንገላቱ

ክፍያ የማይጠየቅበት መድረክ በኢንተርኔት ሲመዘግብ ወንበር የሚይዘው ሁልጊዜ ሰው አይደለም። ቅጹን በሰከንዶች የሚሞላ ፕሮግራም፣ ወይም ለቀልድ ብዙ ስም የሚያስገባ ግለሰብ ሊሆን ይችላል።

በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. በአሜሪካ ቱልሳ ከተማ ለተጠራው የዶናልድ ትራምፕ የምርጫ ቅስቀሳ አዘጋጆቹ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የትኬት ጥያቄ እንደደረሳቸው አስታውቀው ነበር። የከተማዋ የእሳት አደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤት የቆጠረው ታዳሚ ግን 6,200 ገደማ ነው። ልዩነቱን ሁሉ እነርሱ ፈጠሩት ባይባልም፣ ብዙ ወጣቶች በቲክቶክ ተጠራርተው ለማይገኙበት ስብሰባ ቦታ ማስያዛቸውን ተናግረዋል።

በጫንጮ ለ200 ሰው የወተት ላም አያያዝ ነጻ ሥልጠና ተዘጋጀ እንበል። የመጀመሪያው መከላከያ ተመዝጋቢው የማያየው ነው። በቅጹ ላይ ለዓይን የተሰወረ ባዶ ሳጥን ይቀመጣል፤ ሰው ስለማያየው ይተወዋል፣ ያገኘውን ሁሉ የሚሞላ ፕሮግራም ግን ይጽፍበታል። በሁለት ሰከንድ ተሞልቶ የተላከ ቅጽም ያጠራጥራል። ሥዕል እየመረጡ ሰው መሆንን የማስመስከር ፈተና ግን ለትንሽ ስልክና ለደካማ ኔትወርክ አይመችም።

ሁለተኛው በአጭር መልእክት የሚላክ ቁጥር ነው። ተመዝጋቢው ቁጥሩን መልሶ ካላስገባ ወንበሩ አይያዝለትም። ቅጹ በ09ም በ07ም የሚጀምሩ ስልኮችን መቀበል አለበት፤ መልእክቱም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ቢጻፍ ይመረጣል።

ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። በገጠር አንድን ስልክ ባልና ሚስት፣ አንዳንዴም ጎረቤት ይጋራዋል። ስለዚህ «አንድ ስልክ፣ አንድ ሰው» የሚለው ደንብ እውነተኛውን አርሶ አደር ያስቀራል፤ በአንድ ስልክ እስከ አራት ስም መፍቀድ ይሻላል። ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ የመጡ ምዝገባዎችን በጅምላ መዝጋትም ስሕተት ነው፤ የሞባይል ኔትወርክ ብዙ ደንበኞችን በአንድ አድራሻ ሊያወጣ ይችላልና። ስልክ ለሌለው ደግሞ በቀበሌው የግብርና ባለሙያ እጅ የወረቀት መዝገብ ይቀመጥ።

በአንድ ደቂቃ ውስጥ የተደረደሩ ብዙ ምዝገባዎች፣ ተከታታይ የስልክ ቁጥሮች ወይም ትርጉም የለሽ ስሞች ሲታዩ ወዲያው መሰረዝ አይገባም። ለብቻ ተለይተው ይቀመጡና ጥቂቶቹ ይደወልላቸው።

ብዙ ሲም ካርድ ያለው ሰው ግን ይህን ሁሉ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ከሥልጠናው ሁለት ቀን በፊት «እመጣለሁ» የሚሉ 1ን እንዲልኩ ይጠየቃሉ። ያልመለሰው ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ሊሆን ስለሚችል ስሙ አይሰረዝም፤ ወንበሩ በዕለቱ እስከ መክፈቻው ሰዓት ይጠበቅለትና ከዚያ በኋላ በር ላይ ለተገኘ ተጠባባቂ ይሰጣል።