ሙቀቱ ወደ ሽቦው የሚገባው በየት በኩል ነው?

የኤሌክትሪክ ምጣድ ገልብጦ ያየ ሰው ከሸክላው ስር የተጠማዘዘውን ሽቦ ያውቀዋል። ብዙውን ጊዜ ኒክሮም ከሚባል የኒኬልና የክሮምየም ቅይጥ የተሠራ ነው። ምጣዱ ሲሰካ ሽቦው ይግላል፣ እንጀራውም ይበስላል። ጉልበቱ ከየት መጣ ቢባል ሁሉም ወደ ሶኬቱ ይጠቁማል። በምን መንገድ ወደ ሽቦው ገባ ሲባል ግን አብዛኞቻችን ቧንቧ ነው የሚታየን፦ ኤሌክትሮኖቹ ጉልበት ተሸክመው በአንዱ ጫፍ ይገባሉ፣ በሽቦው ሆድ ውስጥ እየሄዱ ያራግፉታል፣ ባዶ እጃቸውን በሌላው ጫፍ ይወጣሉ።

ይህን ሥዕል ያፈረሰው እንግሊዛዊው ፊዚሲስት ጆን ሄንሪ ፖይንቲንግ ነው። በበርሚንግሃም ሜሰን ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ፖይንቲንግ በ1884 ባሳተመው ጥናት፣ የኤሌክትሪክ መስክና የመግነጢስ መስክ አብረው ባሉበት ቦታ ሁሉ ጉልበት በየት አቅጣጫና በምን መጠን እንደሚፈስ የሚያሰላበትን መንገድ አሳየ። ኦሊቨር ሄቪሳይድም በዚያው ሰሞን ለብቻው ተመሳሳይ ውጤት ላይ ደርሷል። ፖይንቲንግ ስሌቱን ከሞከረባቸው ነገሮች አንዱ የማይዋዥቅ ከረንት የሚያልፍበት ተራ ቀጥ ያለ ሽቦ ነበር። ውጤቱም ጉልበቱ በሽቦው ጫፍ ሳይሆን በጎኑ፣ ከዙሪያው ካለው አየር እንደሚገባ ነገረው።

በቁጥር እንየው። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር የሆነ የኒክሮም ሽቦ እንዘርጋና አጭርና ወፍራም በሆኑ የመዳብ ገመዶች ከ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ጋር እናገናኘው። የሽቦው ሬዚስታንስ ወደ 1.4 ኦም ነው። ስለዚህ 8.6 አምፔር ገደማ ያልፍበታል፤ 12ን በ8.6 ስናባዛ 103 ዋት ይመጣል። በየሴኮንዱ 103 ጁል ሙቀት ይፈጠራል ማለት ነው። እዚህ ድረስ የትምህርት ቤት ሒሳብ ነው፤ ጉልበቱ በየት እንደገባ ግን ምንም አልነገረንም።

አሁን ወደ መስኮቹ እንሂድ። 12ቱ ቮልት በአንድ ሜትር ላይ ስለተዘረጋ በሽቦው ውስጥ 12 ቮልት በሜትር የሆነ የኤሌክትሪክ መስክ አለ፤ አቅጣጫው ሽቦውን ተከትሎ ነው። ሽቦውን ተከትሎ የሚሄድ መስክ ደግሞ የሽቦው ገጽ ላይ ሲደርስ በድንገት ሊቆረጥ አይችልም። ከገጹ ፀጉር ያህል ወጣ ብሎ ባለው አየር ውስጥም ያው 12 ቮልት በሜትር ይገኛል። ከረንቱ በበኩሉ ሽቦውን እንደ ቀለበት የሚከብ የመግነጢስ መስክ ይፈጥራል፤ ጥንካሬው ከረንቱን ለሽቦው ዙሪያ ልክ ስናካፍል የሚገኝ ሲሆን እዚህ ወደ 2,740 አምፔር በሜትር ይደርሳል።

የፖይንቲንግ ደንብ ጉልበቱ ለሁለቱም መስኮች ቀጤ ነክ በሆነ አቅጣጫ ይፈስሳል ይላል። አንዱ መስክ ሽቦውን ተከትሎ፣ ሌላው ሽቦውን ዞሮ ከሄደ ለሁለቱም ቀጤ ነክ የሆነው መስመር ከውጭ ወደ ሽቦው እምብርት የሚያመራው ነው። መጠኑ የሁለቱ መስኮች ብዜት ነው፤ በካሬ ሜትር ወደ 33 ሺህ ዋት። እኩለ ቀን ላይ መሬት የሚደርሰው የፀሐይ ጉልበት በካሬ ሜትር ወደ 1,000 ዋት መሆኑን ላሰበ ይህ ብዙ ነው። የሽቦው ቆዳ ስፋት ግን 31 ካሬ ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ሁለቱን ስናባዛ 103 ዋት እናገኛለን። ሙቀት የሆነው ጉልበት በሙሉ በጎን በኩል ሲገባ ተቆጠረ፤ ሽቦውን ተከትሎ በጫፍ ለሚገባ ጉልበት የቀረ ሒሳብ የለም።

ከገጹ አልፈን ወደ ውስጥ ብንገባም ሒሳቡ አይዛነፍም። የኤሌክትሪክ መስኩ እስከ መሃል ድረስ ያው ነው፤ የመግነጢስ መስኩ ግን ወደ እምብርቱ ስንጠጋ እየቀነሰ ሄዶ መሃሉ ላይ ዜሮ ይሆናል። ወደ መሃሉ ግማሽ መንገድ የደረሰው ጉልበት ሩቡ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የሽቦው ሥጋም የጠቅላላው ሩብ ነው። እያንዳንዱ ንብርብር ድርሻውን እየወሰደ የቀረውን ወደ ውስጥ ያሳልፋል።

በዚህ ሁሉ ኤሌክትሮኖቹ ሥራ ፈት አይደሉም። መስኩ ይገፋቸዋል፣ እነሱም ከብረቱ አቶሞች ጋር እየተጋጩ የተቀበሉትን ወደ ሙቀት ይለውጣሉ። ጉልበት ጭነው ከባትሪው የመጡ ተጓዦች ግን አይደሉም። 1 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የመዳብ ሽቦ ውስጥ 8.6 አምፔር ሲያልፍ ኤሌክትሮኖቹ በአማካይ በሴኮንድ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይራመዱም። ከኒክሮሙ በፊትና በኋላ ባሉት ተመሳሳይ ገመዶች ውስጥም ፍጥነታቸው እኩል ነው።

የጋለው ሽቦ ሙቀቱ መጨመሩን ካቆመ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል። 103 ዋት በመስኮቹ በኩል በቆዳው ወደ ውስጥ ይገባል፤ 103 ዋት በዚያው ቆዳ በኩል በጨረርና በሞቀ አየር መልክ ወደ ውጭ ይወጣል። እኛ የሚሰማን የሚወጣው ብቻ ነው።

በአየሩ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ከየት መጣ? ባትሪው ሲገናኝ በጣም ጥቂት ቻርጅ በሽቦዎቹ ገጽ ላይ ይሰፍራል፤ በአዎንታዊው ጫፍ በኩል አዎንታዊ፣ በሌላው በኩል አሉታዊ። ይህ የገጽ ቻርጅ በመዳቡ ገመዶች ዙሪያ ከገመዱ ወደ ጎን የሚወጣ መስክ ይፈጥራል፤ በዚህም ምክንያት ጉልበቱ ከባትሪው ተነስቶ፣ በአብዛኛው ለገመዶቹ ተጠግቶ፣ ውጭ ውጩን ወደ ኒክሮሙ ይሄዳል። መዳብም ትንሽ ይጎርሳል። ተመሳሳይ ውፍረት ያለው የመዳብ ገመድ በዚሁ ከረንት በየሜትሩ የሚወስደው 1.6 ዋት ያህል ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው ኒክሮሙ ሲቀላ ገመዱ ሞቅ ብሎ የሚቀረው።

ምጣዱ ከሶኬት የሚያገኘው ከረንት በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው። ከረንቱ አቅጣጫውን ሲቀይር ሁለቱም መስኮች አብረው ይገለበጣሉ፤ ብዜታቸው ግን እንደገና ወደ ሽቦው ውስጥ ያመለክታል። ጉልበቱ በየግማሽ ዙሩ እየገባ እንጂ እየወጣ አይሄድም።

ለስሌቱ ወሰን አለው። በሙከራ የሚረጋገጠው በአንድ ዝግ ገጽ በኩል የገባው ጠቅላላ ጉልበት ነው፤ በአየሩ ውስጥ የተጓዘበትን ዝርዝር መስመር በዋት መለኪያ መከተል አይቻልም፤ ሒሳቡም ጠቅላላውን ሳይነካ ሌላ የፍሰት ሥዕል ለመጨመር ቦታ ይተዋል። ሪቻርድ ፋይንማን በታዋቂ የፊዚክስ ትምህርቶቹ ይህንኑ ሽቦ አንስቶ ውጤቱ ለስሜት እንግዳ መሆኑን አልደበቀም፤ ስሌቱን ግን አልጣለም። ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቮልትን በአምፔር ማባዛት ይበቃዋል።

አስተዋይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ይቀረዋል፦ የውሃ ማሞቂያ ሽቦ በብረት ቱቦ ተሸፍኖ የለም ወይ? አለ። በሽቦውና በቱቦው መካከል ማግኒዚየም ኦክሳይድ የተባለ ነጭ ዱቄት ተጠቅጥቋል። ከረንት በማያልፍበት የቱቦው ብረት ውስጥ የኤሌክትሪክ መስክ ስለሌለ ጉልበቱ ከውጭ ቱቦውን ሰንጥቆ ሊገባ አይችልም። ዱቄቱ ግን ከረንት አያሳልፍም እንጂ መስክ አይከለክልም። ስለዚህ ጉልበቱ ገመዶቹ ከተያያዙበት የቱቦው አፍ በኩል ይገባል፣ በዱቄቱ ውስጥ ሽቦውን ተከትሎ ይጓዛል፣ በየመንገዱም ወደ ሽቦው ጎን ይታጠፋል። በሙቀት መልክ ደግሞ በዚያው ዱቄት በኩል ወደ ቱቦው፣ ከቱቦውም ወደ ውሃው ይወጣል።