«በገዛ ፈቃዴ» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት

በግል ድርጅቶች የሰው ኃይል ቢሮ ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። የብዙ ሰው የስንብት ክፍያ በእጄ ተሰልቷል፤ የአንዳንዱም ከወረቀት ላይ ሲጠፋ አይቻለሁ። ስም አልጠራም። ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ የሚሆነውን ግን ጠጋ ብላችሁ ብትሰሙኝ ሳትጠቀሙ አትቀሩም።

ለማሳያ አንድ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ልውሰድ። መስከረም 2013 ዓ.ም. ገባ፤ የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ ኅዳር ላይ የቋሚነት ደብዳቤ ተሰጠው። መስከረም 2018 ላይ ሲወጣ ደመወዙ 18,000 ብር ነበር። ይህ ሰው በሕግ ምን ያህል ይገባዋል? መልሱ በሦስት ነገር ይወሰናል፤ የገባበት ቀን እንዴት እንደተመዘገበ፣ የመጨረሻ ደመወዙ ስንት እንደነበር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በምን ቃል እንደወጣ። ያው ሰው በያው አገልግሎት ምንም ላያገኝ፣ 42,000 ሊያገኝ ወይም 78,000 ሊያገኝ ይችላል።

ስሌቱን እንጀምር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 40 ያስቀመጠው ቀመር ለሒሳብ ሠራተኛ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ለመጀመሪያው አንድ ዓመት፣ የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ይባዛል። በወር ደመወዝ ለሚሠራ ሰው ብዙ ቢሮ ወርኃዊውን ለ30 ስለሚያካፍል ውጤቱ የአንድ ወር ደመወዝ ይሆናል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ገንዘብ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት 18,000፣ ለቀሩት አራት ዓመታት ለየአንዳንዱ 6,000፣ በድምሩ 42,000 ብር ይደርሰዋል። ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው፤ እዚያ ለመድረስ በአንድ ቤት 34 ዓመት ማገልገል ስለሚያስፈልግ ጣሪያውን የሚነካ ሰው እምብዛም የለም። ገንዘቡ ደግሞ የሥራ ግብር አለበት፤ እጃችሁ የሚገባው ከዚህ ያንሳል።

«የመጨረሻው ሳምንት» የሚለውን ልብ በሉት። የሚባዛው በየዓመቱ ይከፈላችሁ የነበረው ደመወዝ ሳይሆን የምትወጡበት ሳምንት ደመወዝ ነው። ይህ ሰው እስከ ሰኔ 15,000 ብር ይከፈለው ነበር እንበል፤ ሐምሌ ላይ 18,000 ገባ። በ15,000 ቢሰላ የአምስት ዓመቱ ክፍያ 35,000 ነበር። በአንድ ጭማሪ 7,000 ብር ከፍ አለ፤ አምስቱም ዓመት በአዲሱ ደመወዝ ነውና የሚቆጠረው። ለዚህ ነው በየቢሯችን ጭማሪ ሊታወጅ ሲቃረብ ሥራ መልቀቅ የፈለገ ሰው ማመልከቻውን ኪሱ ይዞ የሚጠብቀው። አሠሪውም ያውቀዋል፤ ለዚህም ነው አንዳንዱ መሠረታዊውን ደመወዝ ሳይነካ በትራንስፖርትና በሌላ አበል የሚጨምረው። በአዋጁ ትርጉም ትርፍ ሰዓት፣ ውሎ አበል፣ የትራንስፖርት አበል፣ ቦነስ፣ ኮሚሽን፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሰርቪስ ቻርጅ «ደመወዝ» አይባሉም። የሽያጭ ሠራተኛ በወር በኮሚሽን ስንት ቢያስገባ፣ የሆቴል አስተናጋጅ በሰርቪስ ቻርጅ ኑሮውን ቢደግፍ፣ ስንብቱ የሚሰላው በመሠረታዊው ላይ ነው። ደመወዝ ስትደራደሩ «በእጅህ የሚገባው ያው ነው» ሲሏችሁ ይህን አስታውሱ።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ። በፈቃዱ የሚለቅ ሰው የስንብት ክፍያ የሚያገኘው ቢያንስ አምስት ዓመት ካገለገለ፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታም ከሌለበት ነው። አራት ዓመት ከአስር ወር ሠርቶ የሚለቅ ሰው ምንም አያገኝም። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ፋይል ሲወጣ በኮምፒዩተሩ ላይ «የቅጥር ቀን» በሚለው ሳጥን ውስጥ የተጻፈው ኅዳር 2013 ነበር፤ የቋሚነት ደብዳቤው ቀን። በዚያ ሒሳብ አምስት ዓመት አልሞላውም፣ ክፍያውም ዜሮ ሆነ። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ ሥራውን የቀጠለ ሰው እንደተቀጠረ የሚቆጠረው ሙከራውን ከጀመረበት ቀን አንስቶ ነው። ይህ ስህተት አንዳንዴ ከመዝጋቢው ግድየለሽነት ይመጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ ታውቆ ይተዋል፤ ሠራተኛው ካልጠየቀ ማን ይነካዋል? የመጀመሪያውን የቅጥር ውል፣ የመጀመሪያውን የደመወዝ መክፈያ ወረቀት ወይም የባንክ ደብተራችሁን የመጀመሪያ ገቢ ጠብቁ። ስትወጡ የምትቀበሉት የሥራ ልምድ ማስረጃም የአገልግሎት ዘመናችሁን መግለጽ አለበት፤ ቀኑን ሳታዩ ከቢሮው አትውጡ።

አምስት ዓመት ለመሙላት ጥቂት ከቀራችሁ ሌላም ነገር አለ። የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ውሉ የሚቋረጠው ማስጠንቀቂያው ሲያልቅ ነው። ማስጠንቀቂያ ሳትሰጡ ብትወጡ እስከ 30 ቀን ደመወዝ የሚደርስ ካሳ ከሚከፈላችሁ ላይ ሊቀነስ ይችላል። ለግምጃ ቤቱ ሰው ይህ 18,000 ብር ማለት ነው፤ ከ42,000ው ግማሽ ሊጠጋ ምን ቀረው። «ነገ አልመጣም» ብለው ስልክ የሚዘጉ ሰዎች የሚከስሩት እዚህ ላይ ነው።

በሹክሹክታ ልነግራችሁ የፈለግሁት ዋናው ጉዳይ ግን ቀጥሎ ያለው ነው።

ድርጅት ሥራው ሲቀዘቅዝ ሰው መቀነስ ይፈልጋል። በሕጉ መሠረት ቅነሳ የሚባለው ከሠራተኛው ቢያንስ ከመቶ 10ው ሲሰናበት ነው፤ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ቤት ደግሞ ቢያንስ አምስት ሰው ሲወጣ። ድርጅቱ በዚህ መንገድ ሠራተኛ ሲቀንስ፣ ወይም ጨርሶ ሲዘጋ፣ ከመደበኛው የስንብት ክፍያ በላይ የቀን ደመወዙ በ60 ተባዝቶ ይጨመራል። አምስት ዓመት መሙላትም አያስፈልግም፤ የሙከራ ጊዜን መጨረስ ይበቃል። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ በቅነሳ ቢወጣ 42,000ው ላይ 36,000 ተጨምሮ 78,000 ይሆንለት ነበር። አጠገቡ ያለች፣ አራት ዓመት የሠራችና ያንኑ ደመወዝ የምታገኝ የሥራ ባልደረባው በፈቃዷ ብትለቅ ዜሮ፣ በቅነሳ ብትወጣ ግን 72,000 ብር ነው ድርሻዋ።

ታዲያ ቢሮው ምን ያደርጋል? ሰዎቹን በአንድ ጊዜ አይጠራም። በየሳምንቱ አንድ ሁለት እያለ ይጠራል። ቡና ይቀርባል። «እህቴ፣ የድርጅቱን ሁኔታ እያየሽ ነው። በሰላም እንለያይ። ‹በገዛ ፈቃዴ› ብለሽ አንድ ማመልከቻ ጻፊ፣ ጥሩ የሥራ ልምድ እንጽፍልሻለን፣ የአንድ ወር ደመወዝም ጉርሻ ይጨመርልሻል።» ጉርሻው ደግነት ይመስላል። በኤክሴል ላይ ግን 18,000 ተከፍሎ 54,000 ድኗል። ብዙ ጊዜ ረቂቁ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠበቀው፤ የጎደለው ፊርማ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አንድ መልስ ይበቃዋል፤ «ድርጅቱ የሚያሰናብተኝ ከሆነ ምክንያቱን ጽፋችሁ ስጡኝ።» አሠሪው ውል ሲያቋርጥ ምክንያቱን ገልጾ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ለቅነሳ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ደግሞ ሁለት ወር ነው። ይህን መልስ ሰምቶ የሚቆጣ ኃላፊ አይቻለሁ፤ ሕግ ሲጠቀስበት ደግሞ ወዲያው የሚለሰልስ።

አምስት ዓመት የማያስፈልግባቸው ሌሎች በሮችም አሉ። አሠሪው ሰብዓዊ ክብሯን የሚነካ ነገር ፈጽሞባት፣ ወይም ለደኅንነቷ የሚያሰጋ ነገር መኖሩ ተነግሮት ዝም በማለቱ የለቀቀች ሴት ክፍያው ይገባታል። ግን በማመልከቻዋ ላይ «በግል ጉዳይ» ብላ ከጻፈች ራሷ በሩን ዘጋችው። ከጨዋነት የተነሳ እውነተኛውን ምክንያት የሚሸፍን ሰው ብዙ ነው፤ ጨዋነቱ የሚጠቅመው አሠሪውን ነው።

በተቃራኒው በሥርቆት ወይም ሕጉ በዘረዘራቸው ሌሎች ጥፋቶች ያለማስጠንቀቂያ በሕጋዊ መንገድ የተባረረ ሰው ስንብት የለውም። የመንግሥት ሠራተኛም በሌላ ሕግ ስለሚተዳደር ይህ ጽሑፍ አይመለከተውም።

ገንዘቡ መቼ ይከፈላል? ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ። ሰባቱ ቀን የሚረዝመው ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የድርጅቱን ንብረት ወይም ገንዘብ ሳይመልስ ከዘገየ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነው ክሊራንስ የሚባለው ወረቀት ጉልበት የሚያገኘው። ስድስት ሰባት ፊርማ ያለበት ቅጽ ይሰጣችኋል፤ አንዱ ኃላፊ መስክ ወጥቷል፣ ሌላው ስብሰባ ላይ ነው። የጠፋው ሰው የድርጅቱ ሰው ከሆነ መዘግየቱ የእናንተ ጥፋት አይደለም። ላፕቶፑን፣ ቁልፉን፣ መታወቂያውን፣ የግምጃ ቤቱን ዕቃ በርክክብ ሰነድ አስረክባችሁ ቅጂውን ያዙ፤ ከዚያ ወዲያ ሰዓቱ የሚቆጥረው በእነርሱ ላይ ነው። በስሌቱ ካልተስማማችሁም አሠሪው የሚያምንበትን ያህል እንዲከፍል ሕጉ ያዝዛል፤ «ሙሉውን ካልተቀበልክ ምንም አልሰጥም» ማለት አይችልም። ያለበቂ ምክንያት ካዘገየ የዘገየበትን ጊዜ ደመወዝ እስከ ሦስት ወር ድረስ እንዲከፍል ሊታዘዝ ይችላል።

ይህን የሚያውቅ አሠሪ ለምን ያዘገያል? ሌላ ቀጠሮ ስለሚያውቅ ነው። ከውል መቋረጥ የሚመነጭ ማንኛውም የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ለፍርድ ቤት ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «ፋይናንስ ጋ ነው»፣ «ሥራ አስኪያጁ ከውጭ ሲመለስ»፣ «ከበዓል በኋላ ብቅ በል» እየተባለ ስድስት ወር እንዴት እንደሚያልፍ አትጠይቁኝ። ፊት ለፊት ማንም እንቢ አላለም፤ ጊዜው ግን አልቋል። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ መስከረም መጨረሻ ከወጣ፣ የመጨረሻው ቀኑ መጋቢት መጨረሻ ነው።

ስለዚህ ከሥራ የወጣችሁበትን ቀን ጻፉ። ሰባት የሥራ ቀናት ሲያልፉ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አስገብታችሁ በቅጂው ላይ የመቀበያ ማህተም አስመቱ። ስሌቱን በወረቀት ሳታዩ «ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ሰነድ ላይ አትፈርሙ። አራት ወር ካለፈና ገንዘቡ ካልመጣ ቢሮ መመላለሱን ተዉና በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አቤቱታችሁን አስገቡ።