ከቦኖ እስከ ጀሪካን፦ የ12ኛ ክፍል የውኃ ጥናት አነዳደፍ

የ12ኛ ክፍል ተማሪ «የአካባቢህን የውኃ ጥራት አጥና» ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚያስረክበው ከመጽሐፍ የተገለበጠ ጽሑፍ ነው። ርዕሱ ስለሰፋበት መነሻ አጥቶ ነው። ጥሩ የፕሮጀክት መመሪያ ጥያቄውን ያጠብለታል፦ ከቦኖ የተቀዳ ውኃ ጀሪካን ውስጥ ሲያድር ምን ያህል ክሎሪን ይቀረዋል?

ጥያቄው መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የመጠጥ ውኃን ከመቅጃው ብቻ ሳይሆን ከየቤቱም ወስዶ የመረመረው፣ ንጹሕ ሆኖ የተቀዳ ውኃ መንገድ ላይና ቤት ውስጥ ሊበከል ስለሚችል ነው።

ስምንት ሳምንት ይበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ተማሪው ጥያቄውን፣ ግምቱንና የግምቱን ምክንያት በአንድ ገጽ ጽፎ ያቀርባል። መምህሩ ሳይፈርምበት ወደ ሰፈር መውጣት የለም።

ቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት የልምምድ ናቸው፤ መምህሩ በብዛት መገኘት ያለበትም እዚህ ላይ ነው። የመመዝገቢያ ቅጹን እሱ ያዘጋጃል፤ ተማሪዎቹ በትምህርት ቤቱ ቧንቧ ይሞክሩታል። የዲፒዲ እንክብል ውኃው ውስጥ ሲሟሟ ክሎሪን ካለ ሮዝ ቀለም ይወጣል፤ ቀለሙ ከመለኪያው ጋር ይነጻጸራል። ሁለት ተማሪዎች የአንዱን ውኃ ቀለም ለየብቻ ያነባሉ፤ ካልተስማሙ ይደግማሉ። ትልቁ ስሕተት ናሙናውን ትምህርት ቤት ድረስ ወስዶ መለካት ነው። ክሎሪን በፀሐይና በጊዜ ስለሚቀንስ ደህናው ቦኖ ያለ ክሎሪን ተመዝግቦ ይቀራል። ልኬቱ እዚያው፣ ወዲያው መሆን አለበት።

በአራተኛውና በአምስተኛው ሳምንት ፈቃደኛ የሆኑ አሥር ቤቶች ይጎበኛሉ። አንድ ቤት እንውሰድ፦ ቦኖው ላይ በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም የነበረው ክሎሪን በማግስቱ ጀሪካኑ ውስጥ 0.1 ሆነ እንበል። የዓለም ጤና ድርጅት ውኃው ለተጠቃሚው ሲደርስ ቢያንስ 0.2 እንዲኖረው ይመክራል። ተማሪው «ጀሪካኑ ቆሻሻ ነው» ብሎ ሊደመድም ይቸኩላል። ግን ክሎሪን በንጹሕ ዕቃም ይቀንሳል። ስለዚህ መመሪያው ከዚያው ቦኖ በዚያው ሰዓት የተሞላ፣ በደንብ የታጠበና የተከደነ ጠርሙስ ከጀሪካኑ አጠገብ እንዲቀመጥ ያዛል። በጠርሙሱ 0.3 ከተነበበ ግማሹ ቅናሽ የጊዜው ነው ማለት ይቻላል፤ ቀሪው ከጀሪካኑ ጋር የተያያዘ ይመስላል። የአንድ ቤት ውጤት ብቻውን ስለማያስተማምን አሥሩም ይታያሉ።

ከስድስተኛው ሳምንት ጀምሮ ድጋፉ ይቀንሳል። ሠንጠረዡንና ግራፉን ተማሪው ራሱ ያወጣል፤ በሰባተኛው ረቂቁን ለጓደኛው ያስነብባል፤ በስምንተኛው ያቀርባል። ክሎሪን መጥፋቱ ብቻ ጀርም መኖሩን እንደማያሳይ፣ ለዚያ የተለየ ምርመራ እንደሚያስፈልግ በሪፖርቱ መጻፍ ግዴታው ነው። የቤቶቹ ስም አይጠቀስም፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ግን የራሱን ውጤት ከማንም በፊት ይሰማል፤ ከተስማማም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይነገራል።