ለአከራይ የሚጻፍ የጥገና ኢሜይል

በቨርጂኒያ ግዛት ቤቱ አልጠገን ያለው ተከራይ ፍርድ ቤት ሲቀርብ መጀመሪያ ከሚጠየቃቸው ነገሮች አንዱ ጉድለቱን ለአከራዩ በጽሑፍ ማሳወቁ ነው። የአገር ልጅ ቤት የተከራየ ሐበሻ ብዙ ጊዜ ነገሩን «ጋሼ» እያለ በስልክ ይጨርሰዋል። ስልኩ ክፋት የለውም፤ በማግስቱ ግን ጽሑፍ ሊከተለው ይገባል።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንድ አፓርታማ የወጥ ቤቱ ሲንክ ቧንቧ ያፈሳል እንበል። ማርች 16 የሚላከው ኢሜይል ርዕሱ «የሲንክ ቧንቧ ማፍሰስ፣ አፓርታማ 204» ቢሆን በቂ ነው። ቀጥሎ ይህን ይላል፦

«ማርች 3 በስልክ ነግሬዎት ነበር። ማርች 6 የላኩት ባለሙያ መጥቶ ማያያዣውን አጥብቆታል፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ። ማርች 9 እንደገና ማፍሰስ ስለጀመረ ከነፎቶው በቴክስት ልኬልዎታለሁ። አሁን በቀን ግማሽ ባልዲ ያህል ውሃ ይጠራቀማል፤ የካቢኔቱ እንጨትም አብጧል። እስከ ማርች 30 ድረስ እንዲጠገንልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ባለሙያው የሚመጣበትን ቀን ካሳወቁኝ ቤት እጠብቀዋለሁ።»

የደብዳቤው ክብደት ያለው ቀኖቹ ላይ ነው። ባለሙያው መምጣቱን አለመደበቅ ተከራዩን የሚጎዳ ይመስላል፤ እንዲያውም የሚጠቅመው እሱ ነው፤ አከራዩ ጉድለቱን አስቀድሞ ማወቁን ያሳያልና። «ስንቴ ልንገርዎት» የሚለው ቁጣ ግን ምንም አያስረዳም።

ማርች 30 በዘፈቀደ የተመረጠ ቀን አይደለም። የግዛቱ ሕግ አከራዩ ጽሑፉ ከደረሰው በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ፣ ተከራዩ ራሱ ፈቃድ ባለው ባለሙያ አስጠግኖ፣ ደረሰኝ አቅርቦ ወጪውን ከኪራይ እንዲቀንስ ይፈቅዳል። ጣሪያው 1,500 ዶላር ወይም የአንድ ወር ኪራይ ነው፤ የሚበልጠው ይያዛል። በጃንዋሪ ማሞቂያ ቢቆም ግን ሁለት ሳምንት መስጠት አይቻልም፤ ያኔ ወዲያው ተደውሎ በኢሜይሉ ላይ የሚሰጠው ቀን ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ነው።

ከመላኩ በፊት የኪራይ ውሉን ማየት ያስፈልጋል፤ ኢሜይል እንደ ሕጋዊ ማስታወቂያ የሚቆጠረው ውሉ ሲፈቅድ ነው። ካልፈቀደ ያው ጽሑፍ ታትሞ በፖስታ ይላካል፣ ቅጂውም ይቀመጣል።

ትልቁ ስሕተት በብስጭት ኪራይ ማቆም ነው፤ ባለመብቱን ተከራይ ያልከፈለ ተከሳሽ ያደርገዋል። ቀኑ ካለፈ በመጀመሪያው ኢሜይል ላይ «ሪፕላይ» ተደርጎ ሁለት መስመር ይጻፋል፣ የቀድሞው ከሥሩ እንዲታይ። ያም ካልሠራ ኪራዩ ለፍርድ ቤቱ እየተከፈለ ጉዳዩ በዚያው ይታያል።